ምርቃት ብዬ የጻፍኳቸው

ደብተሩን በሦስት ዓምድ ያሰመርኩት እኔው ነኝ፤ ስለዚህ ማንንም መውቀስ አልችልም። በስተግራ ጥያቄ፣ መሃል ላይ ቅሬታ፣ በስተቀኝ ምርቃት። በየቅዳሜው የተመልካቾችን ኮሜንት ከስልኬ ላይ እያነበብኩ በየዓምዱ አሰፍራለሁ። የተደጋገመው ጥያቄ የሚቀጥለው ቪዲዮ ርዕስ ይሆናል፤ የተደጋገመው ቅሬታ ይታረማል፤ ምርቃቱ ልባችንን ደስ እንዲለው እዚያው ይቀመጣል። አሠራሩን ያስተማረኝ የለም። ፊደል የቆጠርኩት ወንድሞቼ ጽፈው በጣሉት ደብተር ነው፤ ኮሜንት መቁጠርንም እንደዚያው እየተደናበርኩ ለመድኩት።

ቻናሉ የእኔና የታናሽ እህቴ ነው። እኔ የበግ ጠጉር አጥባለሁ፣ አባዝታለሁ፣ እፈትላለሁ። እሷ አስተማሪ ናት፤ ትምህርት በሌለ ቀን ትቀርጸኛለች፣ ትቆርጣለች፣ ትለቃለች። ታዲያ እኔ እጄ ከሠራ አፌ አያርፍም። እንዝርቱን ሳሾር አንድ ታሪክ፣ ጠጉሩን ስዘፈዝፍ ሌላ ታሪክ። እኔ ቪዲዮ የሚሉትን ነገር የወደድኩት ለዚሁ ነው። ጎረቤቶቼ ታሪኬን ሁሉ ሰምተው ጨርሰውት ነበር፤ አዲስ ጆሮ አገኘሁ።

ያን ሰሞን ግን መሃለኛው ዓምድ ሞላ። «ወሬ በዛ።» «ወደ ሥራው ግቢ።» «እህት፣ አጥበሽ አሳዪን፣ ተረቱን ለማታ አቆዪው።» እህቴ ደብተሩን ከእጄ ተቀብላ በእስክሪብቶዋ ጫፍ እየነካች ቆጠረች።

«እትዬ፣ ሌላው ቅሬታ ሁሉ ተደምሮ ይህን አያህልም።»

«አየሁት።»

«የመንፈቁ እረፍት ሊደርስ ነው። ከማለቁ በፊት አራት ቪዲዮ እንቀርጻለን ብለናል። አራቱም አጫጭር ይሁኑ፤ ሥራው ብቻ። የጠጉር አስተጣጠቡንም አሳጥረዋለሁ።»

«ታሪኩስ?»

«ታሪኩን ለእኔ ንገሪኝ፤ እኔ እሰማሻለሁ።»

«አንቺማ በልጅነትሽም ስነግርሽ ትተኚ ነበር!»

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ደብተሩን ያሰመርኩት እኔ፣ የቆጠርኩት እኔ፣ ዝም ማለት ያለብኝም እኔ ሆንኩ። በማግስቱ ኮምፒውተር ካለበት ሄዳ፣ ከተለቀቀው የጠጉር አስተጣጠብ ቪዲዮ ላይ እኔ የማወራበትን ሁሉ ቆርጣ አወጣችው። ኮሜንቱ በቦታው ቀረ፤ እኔ ብቻ ነኝ የወጣሁት። የቀረው እጄ ነው፤ ገንዳው፣ ጠጉሩ፣ ከውሃው የሚነሳው እንፋሎት፣ እጄ።

የተቆረጠው ታሪክ ስለ አማቴ ነበር። አዲስ ሙሽራ ሳለሁ አንድ ጆንያ ጠጉር እጠቢ ብለው ሰጡኝ። እኔ ደግሞ ጎበዝ ልባል ብዬ የፈላ ውሃ አፈሰስኩበት፤ እንደ ቆሸሸ ነጠላ አሸሁት፣ አሸሁት። ጠጉሩ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ጭቃ ጓል ሆኖ አረፈው። አማቴ አልጣሉትም። ያን ጓል አስተካክለው ከርክመው በቅሏቸው ኮርቻ ስር ድብዳብ አደረጉት። ዓመቱን ሙሉ ንግሥ በሄድን ቁጥር፣ እሳቸው ከላይ፣ ድብዳቡ ከስር፣ እኔ ከኋላ። ይህን ስናገር ነው «ውሃው ለብ ያለ ይሁን፣ የክንዳችሁ ቆዳ ሙቀቱን በቅጡ የማይለየው ዓይነት፤ አትሹት፣ ጫን ጫን እያደረጋችሁ ልቀቁት» የምለው። ቪዲዮው ውስጥ ይህ የተነገረው እዚያ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ግን ይህን ማን አስቦት፤ እኔ ራሴ የተቆረጠብኝ ሳቄ መስሎኝ ነበር።

ካጠረ በኋላ ምርቃቱ ጎረፈ። መሃለኛው ዓምድ ባዶ፣ ቀኙ ጢም። ሁለት ቅዳሜ ቀኙን ዓምድ ስሞላ እጄ ዛለ። እህቴ ደስ አላት፤ እኔም ደስ ያለኝ ለመምሰል ሞከርኩ። ግን ንዴት ታምቆብኝ ነበር። ቅዳሜ ማታ ዱቄት ስነፋ እንኳ ወንፊቱን የማጋጨው ሆን ብዬ ነው።

የአራቱ ቪዲዮ ርዕስ ሊወሰን አንድ ቀን ሲቀረው ደብተሬንና የፈተልኩትን ልቃቂት ይዤ ባና፣ የጠጉር ብርድ ልብሳችንን፣ ወደሚሠሩልን ሸማኔ ቤት ሄድኩ። እሳቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ከሽመና ጉድጓዳቸው እግራቸውን ሳያወጡ ተቀበሉኝ።

«ፊትሽ ምን ሆኗል?»

ነገርኳቸው። ሰው ሲሰድበኝ በደብተር እንደምጽፍ ሲሰሙ መወርወሪያውን አቆሙ።

«ስድብን ለምን ትጽፊዋለሽ? ባትጽፊውም አይጠፋሽም እኮ!»

«አሁንማ ቀርቷል ጋሼ። አሁን ሁሉም ምርቃት ነው። ይስሙ።» ስልኬ ላይ የቀዳሁትን አነበብኩላቸው። «"እህታችን እመብርሃን ትጠብቅሽ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ እጅሽ ይባረክ፣ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፣ እናቴን ነው ያስታወስሽኝ፣ እኔም ልክ እንዳንቺ አጥቤው ነበር፣ ፈጣሪ ያክብርልን።"»

«ቀጥይ።»

«አለቀ እኮ።»

«ቆይ፣ አጥቤው ነበር ነው ያለችው? ከዚያስ?»

ስልኩን ወደ ላይ ወደ ታች ጎተትኩት። ከዚያ ምንም የለም።

«ልጄ፣ ባና ሠርቼለት ደስ ያለው ሰው መጥቶ አይመርቀኝም፤ ለብሶት ይተኛል። የተበላሸበት ነው የሚመጣው። ገና ከበር "ጋሼ ዕድሜ ይስጥዎ" ሲል፣ አባቴን ሲያነሳ፣ እናቴን ሲያነሳ፣ እኔ ባናው የቱ ጋ እንደተበሳ ማሰብ እጀምራለሁ። ምርቃቱ ከረዘመ ቀዳዳው ትልቅ ነው።»

ልቃቂቱን ጥዬ ወጣሁ። ኔትወርክ ደህና የሚሆነው ትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ነው፤ እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ በቀኙ ዓምድ የቆጠርኳቸውን ኮሜንቶች ከስልኬ ላይ ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩ። አሁን የማነበው ምርቃቱን ሳይሆን ከምርቃቱ በኋላ ያለውን ነው። «ተባረኪ፣ የእኔ ትንሽ ተያያዘብኝ እንጂ።» «ጎበዝ ነሽ፣ እኛ ቤት ግን እንደ ምንጣፍ ሆነ፣ ከእኛ ነው ስህተቱ።» ከኮሜንቱ ስር የተሰጠውን መልስ ስከፍት ደግሞ ሰዎች እርስ በርስ ሲጠያየቁ አገኘሁ። አንዷ «ውሃው ምን ያህል ይሞቃል» ስትል፣ ሌላው «አታዪም እንዴ፣ ሲተን! በደንብ አፍልተሽ ነው» ብሎ መልሶላታል። እኔ መልሱን አንድ ቀን ከፍቼ አይቼው አላውቅም፤ የምቆጥረው ከላይ ያለውን ብቻ ነበር።

እንፋሎቱ! በእኛ ብርድ፣ በማለዳ፣ ለብ ያለ ውሃም ይተናል። ቆላ ያለ ሰው ይህን ከየት ያውቀዋል? እኔ ስናገር ይሰማ ነበር፤ እኔ ከወጣሁ በኋላ የቀረው የሚተነው ገንዳ ነው።

ጋሼ ፊት ያነበብኩትን ኮሜንት መልሼ ፈለግሁት። ያቺው ሴት ከስሩ፣ ለራሷ መልስ እንደምትሰጥ ሁሉ፣ ጨምራበታለች። «ጠጉሩ እናቴ ከማረፏ በፊት ሸልታ ያስቀመጠችልኝ ነበር። ለልጄ ባና ላሠራበት ነበር። ይሁን።» ይህን ከጻፈች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። እኔ ደግሞ በገዛ እጄ፣ በቀኝ ዓምድ፣ አንድ ብዬ ቆጥሬያታለሁ።

የመሃለኛውንም ዓምድ ኮሜንቶች ስልኬ ላይ ፈለግኋቸው። «ወሬ በዛ» ያሉትን በስማቸው ስለያቸው ከግማሽ የሚበልጠውን የጻፈው አንድ ሰው ነው! በየቪዲዮው ስር፣ ቃሉን እንኳ ሳይለውጥ። እኔ ኮሜንቱን እንጂ ሰዉን ቆጥሬ አላውቅም። አንድ ጩኸታም ሰው ከቤቴ አስወጣኝ ማለት ነው።

እህቴ ቤት የደረስኩት እያለከለክሁ ነው። ደብተሩንም ስልኬንም ፊቷ ዘረጋሁ።

«ይኸው! ታሪኬን ቁረጪ ያለሽ ይሄ አንድ ሰው ነው። ጠጉሩ የተበላሸበትን ሕዝብ ደግሞ እይው።»

ረጅም ጊዜ አነበበች። ቀና ስትል ተቆጥታ ነበር።

«ይህን ደብተር የሞላሽው አንቺ አይደለሽም? እኔ የሰጠሽኝን ነው ያየሁት!»

«እኔማ ነኝ! ማን ሆነና! ግን ስትቆርጪ "ይህችን አስቀሪ" አልልሽም ነበር? ጠየቅሽኝ?»

«ሃያ ደቂቃ አውርተሽ ማስጠንቀቂያውን በበቅሎ ሆድ ስር ደብቀሽው! ማን ይፈልገዋል?»

ይህ አመመኝ፤ ምክንያቱም እውነት ነው። ጩኸታሙ ሰውዬ ቢያበዛውም ብቻውን አልነበረም፤ የቀሩትን የጻፉት ሌሎች ሰዎች ናቸው። በመጨረሻ እሷ ስልኳን አንስታ በቪዲዮው ስር ከኮሜንቱ ሁሉ በላይ እንዲሰካ አድርጋ ጻፈች፤ ውሃው ለብ ያለ ነው፣ የሚታየው እንፋሎት ከብርዱ ነው፣ አይታሽም። ለፈላ ውሃው መካሪም መልስ ሰጠችው። ከዚያ የአራቱን ቪዲዮ ዝርዝር አወጣችና የመጀመሪያውን ሰርዛ «ጠጉር የሚበላሸው እንዴት ነው» ብላ ጻፈች።

«የድብዳቡ ታሪክ እዚህ ይገባል» አለች። «ሦስት ደቂቃ።»

«አምስት።»

«ሦስት ነው ያልኩት፣ እትዬ። ማስጠንቀቂያው መጀመሪያ ይነገራል፤ በቅሎዋ ኋላ ትመጣለች።»

ለሌሎቹ ሦስት ቪዲዮዎች ታሪክ አልፈቀደችልኝም። ተናድጄ ወጣሁ፤ እስከ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልበረደልኝም።

ለዚያች ሴት ግን ያን ዕለት ራሴ ጻፍኩ። ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ፣ ማስጠንቀቂያው ከቪዲዮው መውጣቱን፣ ሳልመልስላት ሦስት ሳምንት መቆየቴን። ልቧ ትንሽ ዘና እንዲል ብዬ የአማቴን ድብዳብ ታሪክም ጨመርኩላት። በሁለተኛው ቀን መለሰች። እመብርሃን የለችበትም፣ ዕድሜና ጤና የለበትም።

«በቅሎ የለኝም። ከዚህ ጠጉር የሚፈተል ማውጣት ይቻላል ወይስ አይቻልም?»

ደብተሩን ከፍቼ በስተግራ፣ ጥያቄ በሚለው ስር ጻፍኩት። መልሱን ሳውጠነጥን ግን ጊዜ ወሰደብኝ። ተጣብቆ የደረቀ ጠጉር አይመለስም፤ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ከዳር ዳር ያልታሸ ካለ በጣት ፈልቅቃ እንድታወጣ፣ ከዚያ የሚገኘው ለባና እንደማይበቃ፣ ምናልባት ከአዲስ ጠጉር ጋር ተባዝቶ ለአንድ ጥለት የሚሆን ክር እንደሚወጣው ጻፍኩላት። የቀረው ለልጁ መተኛ ስር የሚነጠፍ እንጂ የሚለበስ አይሆንም አልኳት።

ላክሁት። አንብባው እንደሆነ አላውቅም፤ ይህን ስጽፍ ገና አልመለሰችም። ደብተሩ ላይ አራተኛ ዓምድ ጨምሬያለሁ፤ የሰው ስም የሚጻፍበት ነው። የእሷ የመጀመሪያው ነው፤ ከጎኑ ለመልሷ የተውኩት ቦታ ባዶ ነው።