በሁለት ኮማ መሃል

መዝገብ ቤቱ ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ ጎን ያለ ጠባብ ክፍል ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት እዚያ የተቀመጡትን ሴት፣ ተማሪውም መምህሩም «እትዬ ሮስተር» ይላቸዋል። ቅጽል ስሙ አላስከፋቸውም፤ ከእኔ የባሰ የወጣላቸው መምህራን ሞልተዋል እያሉ ይስቁ ነበር። የየክፍሉን ውጤት ሮስተር በሚባለው ሰፊ ወረቀት ላይ ያሰፍራሉ፣ ይደምራሉ፣ ያካፍላሉ። የዘጠነኛ ክፍልን ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ተማሪዎች አማካይ ለማውጣት ሁለት ሳምንት ይፈጅባቸው ነበር።

እኔ ያኔ አዲስ የሒሳብ መምህር ነበርኩ። ኮምፒውተር የመጣ ዓመት ውጤቱን እሳቸው በሁለት ጣታቸው ጻፉት፤ እኔ ደግሞ ፋይሉን ሲኤስቪ በሚባለው ዓይነት አስቀመጥኩት። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ መስመር ነው፦ መጀመሪያ ስም፣ ቀጥሎ ሰባት የትምህርት ውጤቶች፣ በየመሃላቸው ኮማ። መስመሩን ኮማው ላይ እየቆረጠ ቁጥሮቹን የሚደምርና ለሰባት የሚያካፍል አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ።

ሰማንያና ከዚያ በላይ ያመጣ ልዩ የሳይንስ ክፍል ይገባል። ዝርዝሩ እስከ እኩለ ቀን እንዲለጠፍ ርዕሰ መምህሩ አዘዋል፤ በየሩብ ሰዓቱም ብቅ እያሉ ምን ላይ እንደደረስን ይጠይቁናል።

ፕሮግራሙ መጀመሪያ መሃል ላይ ቆመ። አንድ ቦታ ቁጥር ሲጠብቅ ባዶ ገጥሞታል። ቸኩዬ ስለነበር ባዶ ካገኘህ ዜሮ ብለህ ያዝ ብዬ አንድ መስመር ጨመርኩ። በድጋሚ ሳስነሳው ዓይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ የሦስት መቶ አሥራ ሁለቱም አማካይ ማያ ገጹ ላይ ተዘረዘረ። እትዬ ሮስተር እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። የሁለት ሳምንት ሥራቸው በአንድ ትንፋሽ ሲያልቅ አይተው ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። አባቷ ከጠዋት ጀምሮ የመዝገብ ቤቱ በር ላይ ይንጎራደድ ነበርና ወጥቼ ሰባ አምስት ነጥብ አራት ሦስት መሆኗን ነገርኩት። ባርኔጣውን አስተካከለና ማሽን ካለው ምን ይባላል ብሎ ወደ ዋናው በር ተመለሰ።

እትዬ ሮስተር ሰምተው ነበር።

«የማን ልጅ ነው ሰባ አምስት ያልከው?»

«የዘበኛው።»

«አይደለችም።»

ኮምፒውተር መደመር አይሳሳትም አልኳቸው። እሳቸውም መደመሩን አላማሁትም፣ መስመሯን አምጣልኝ አሉ። ፋይሉን ከፍቼ አሳየኋቸው። ከስሟ ቀጥሎ 88, 91, 79, 94, 86 ይላል፤ ከዚያ ሁለት ኮማ ጎን ለጎን፣ መሃላቸው ምንም የለም፤ መጨረሻ ላይ 90።

«ይኸው» አሉ ጣታቸውን ባዶው ላይ አድርገው። «በኬሚስትሪ ፈተና ሳምንት ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ማስረጃዋን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። እዚህ ቤት በፈቃድ የቀረ ባዶ ይተውለታል፣ አማካዩም በተፈተነው ልክ ይወጣል። ዝም ብሎ የቀረ ዜሮ ይጻፍበታል። አንተ ሁለቱን አንድ አደረግክብኝ።»

ደነገጥኩ። የድምሯን አምስት መቶ ሃያ ስምንት ለሰባት አካፍዬ ነበር፤ ሲካፈል የነበረበት ለስድስት ነው። ያስደነገጠኝ ግን ስህተቱ ብቻ አልነበረም። ከሦስት መቶ አሥራ ሁለት መስመር ውስጥ ያ ባዶ ቦታ የማን እንደሆነ፣ ለምን ባዶ እንደሆነ በቃላቸው ይዘውታል። ከዚያ በኋላ ብዙ የተማሩ ሰዎች አይቻለሁ፤ እንዲያ ያለ ጭንቅላት ግን አልገጠመኝም።

ርዕሰ መምህሩ ሰዓታቸውን እያዩ ብቅ ሲሉ እትዬ ሮስተር ቀና ሳይሉ፣ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች፤ ይታገሱን» አሏቸው። ርዕሰ መምህሩም በሩን መልሰው ዘግተው ሄዱ።

የጨመርኳትን መስመር ሰረዝኩ። ባዶ ሲገጥመው እንዲያልፈው፣ ድምሩንም ባገኛቸው ቁጥሮች ብዛት እንዲያካፍል አድርጌ አስነሳሁት። የዘበኛው ልጅ ሰማንያ ስምንት ሆነች። እትዬ ሮስተር ግን አልረኩም፤ የታሪክ ፈተና ትቶ ኳስ ሲጫወት የዋለውን ልጅ አምጣ አሉ። ዜሮው ቁጥር ስለሆነ እንዳለ ተቆጥሯል፤ ለሰባት ተካፍሏል። እሱ አልተነካም። ሌሎች ሦስት ባለ ፈቃዶች ግን ከፍ ብለዋል።

«አሁን ገና አነበበ» አሉ እትዬ ሮስተር፣ ማያ ገጹን እንደ ጎበዝ ተማሪ እያዩት።

ዝርዝሩን እሳቸው ሊለጥፉ ተነሱ። ለዘበኛው እግረ መንገዳቸውን እንዲነግሩልኝ ለመንኳቸው።

«ሰባ አምስት ያልከው አንተ ነህ፤ ሄደህ አንተው መልስ።»

ሄድኩ። የተሳሳትኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኩት፣ ቁጥሩንም ነገርኩት። ድጋሚ በለው አለኝ። ደገምኩለት። ልጁ የት እንደምትሆን ጠየቀኝ፤ ቤተ መጻሕፍት አይቻታለሁ አልኩት። በሩን ወለል አድርጎ እንደተወው ሮጠ።

እስኪመለስ ድረስ በሩን እኔ ጠበቅኩ።