ፕላስቲክ የለበሰው የፍቺ ወረቀት

ልብስ ሰፊዋ በሰው አገር አግብታ እዚያው ፍርድ ቤት ፈትታ ነው የተመለሰችው። የፍቺውን ውሳኔ እንደ ዓይኗ ብሌን ትጠብቀው ነበር።

ከስፌት ቤቷ ማዶ ፎቅ የሚሠራው ግንበኛ እያሳለ የሸሚዝ ቁልፍ ሊያስተክል መጣ። በሳምንቱ ሌላ በጥሶ መጣ። «ሰውዬ፣ ምን ጉድ ነህ? ሆን ብለህ ነው እንዴ የምትበጥሰው?» አለችው። ሆን ብሎ ነበር። ሊጋቡ ሲቆርጡ ታዲያ ወረቀቷን ወስዶ በፕላስቲክ አሳሽጎላት መጣ። «ይኸው፣ ከእንግዲህ ውሃም አይነካው!» ምነው ያን ቀን ያሸገለት ሱቅ ተዘግቶ በዋለ!

ሊመዘገቡ አብረው ሲቀርቡ የጋብቻ መዝጋቢዋ ኮምፒውተሯን አየች። የፊተኛው ጋብቻ በኤምባሲ በኩል እዚህም ተመዝግቦ ኖሯል።

«እህቴ፣ እዚህ ያገባሽ ነሽ።»

«ፈትቻለሁ እኮ! ውሳኔው ያውልሽ።»

«የውጭ ፍርድ የሚሠራው የእኛ ፍርድ ቤት ሲቀበለው ነው። መጀመሪያ የዚያ አገር ውጭ ጉዳይ፣ ቀጥሎ እዚያ ያለው ኤምባሲያችን ማኅተም ያሳርፉበት። ከዚያ የእኛ ውጭ ጉዳይ ያረጋግጠው፤ ፈቃድ ያለው ተርጓሚ ይተርጉመው።» ወረቀቱን ዳበሰችው። «ፕላስቲክ ላይ ግን ማን ያትማል? ቢላጥ ደግሞ ጽሑፉም አብሮ ይነሳል። ከፍርድ ቤቱ ሌላ ግልባጭ አስወጪ።»

ግንበኛው ደጅ ላይ ግንባሩን ያዘ። «በገዛ እጄ ጉድ ሠራሁሽ» አለ።

«ዝም በል ወዲያ፤ ይመጣል» አለችው።

እዚያ ለቀረች ጓደኛዋ ውክልና ላከች። ግልባጩ አምስት ወር ፈጀ። የግንበኛው ሳል አምስት ወር አልጠበቀም፤ የሲሚንቶው አቧራ ሳንባውን ጨርሶት ኖሮ አልጋ ላይ ጣለው። በገባች ቁጥር «መጣ?» ይላታል። «መንገድ ላይ ነው» ትለዋለች። እንዳያዝን ትስቅለታለች።

ግልባጩ ማኅተሞቹን ይዞ ደረሰ፤ እዚህም ውጭ ጉዳይ አረጋገጠው። ሽማግሌው ተርጓሚ ጀርባው ላይ ያሉትን ማኅተሞች ሳይቀር ተረጎመ። ዳኛው የቀድሞ ባሏ እዚያ መጥሪያ ደርሶት እንደነበር፣ ፍርዱም የመጨረሻ መሆኑን አይተው ሊወስኑ ለሁለት ሳምንት ቀጠሩ።

ግንበኛው በዘጠነኛው ቀን ሞተ።

«ለማን ብዬ ነው የምሄደው?» ብላ ነበር። ግን «ጨርሺው» ብሎ አስምሏታል፤ ጥቁር ለብሳ ሄደች። ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ተቀበለ። መዝጋቢዋም መዝገቡን አስተካከለች፤ ቀና ስትል ጥቁሩን አየች።

«ውይ! ማን ሞቶብሽ ነው?»

«ባሌ።»

መዝጋቢዋ መዝገቡን ተመለከተች። «የፈታች» የሚለውን ማስረጃ አትማ በሁለት እጇ ሰጠቻት።

በር ላይ ወረቀት የሚያሽገው ሰውዬ «እህት፣ እንዳይበላሽብሽ ላሽግልሽ?» አላት።

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «አሽገው» አለችው፤ «ከእንግዲህ ማኅተም የሚያሳርፍበት የለም።»