ያልታወቀው «እርሳቸው»

ሸዋሉል አክባሪ ሴት ነበረች። ሲበዛ አክባሪ። ዳንግላ ስታድግ ታላቅን «አንተ» ማለት አፍን የሚያስመታ ነገር ነበር። እናም ክልሉ ገና በተቋቋመ ሰሞን አሶሳ ተመድባ ስትመጣ ያንን አክብሮት ከሻንጣዋ ጋር ይዛ መጣች። በየመንገዱ ለሚያጋጥማት ሁሉ «እርስዎ» ትላለች። አንድ ጠዋት መንገድ የዘጋባትን አህያ «እባክዎ ይለፉኝ» ስትል ሰምተናታል ብለው የሚምሉ አሉ። እሷ ባለቤቱን ነው ያልኩት ትላለች። ባለቤቱ ግን በቦታው አልነበረም።

አሶሳ ደግሞ ለዚህ ነገር ብዙም ግድ የላትም። አማርኛ ለብዙው ሰው ሁለተኛ ቋንቋ ነው፤ ሰዉ እንደመጣለት ይናገረዋል። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሆና በተቀመጠች በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሽበት የወረረው አቶ ማህጁብ በሩ ላይ ቆሞ፣ «አንተ ሸዋሉል! አንተ ጎበዝ ልጅ ነው!» አላት። «አንተ» መባሉም «ልጅ» መባሉም አንገበገባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በንግግር ያጣችውን አክብሮት በጽሕፈት መኪናዋ ልትመልስ ቆረጠች። ከእጇ የሚወጣ ወረቀት ሁሉ «እርሳቸው» እና «አቸው» ሞላው። የቀበሌው ሊቀመንበር ወረቀቷን ሲያነብ ራሱን ያስተካክል ነበር፤ ትልቅ ሰው የገባ ይመስለዋላ።

ይህ አክብሮት ማንንም ባልጎዳ ነበር፣ የማህጁብ ፍየል ባትኖር።

ማህጁብና ጎረቤቱ ወይዘሮ ዐዋጢፍ ልጆቻቸውን ሊያጋቡ ነበር። የማህጁብ ልጅ ዓፊያ ለዐዋጢፍ ልጅ ለባቢከር፣ ኒካሑም ለመጪው ዓርብ ተቆርጧል። ታዲያ የማህጁብ ፍየል የዐዋጢፍን የቀርከሃ አጥር ጥሳ ገብታ የባሚያ ተክሏን ሙልጭ አድርጋ በላችው። ዐዋጢፍ ፍየሏን ይዛ አሰረቻት። ማህጁብ መጥቶ ሰደባት። እሷም በእጥፉ መለሰችለት። «ለስድብ ቤት ልጄን አልሰጥም» አለ እሱ። «ከፍየሉ ቤት ሙሽራ አላስገባም» አለች እሷ። ዓፊያ ደግሞ በመሃል እያለቀሰች ቀረች።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ሼህ አብዱልሐሚድ መሩት። በበርታኛ ብዙ ተወራ፣ ብዙም ተጮኸ፤ ሸዋሉል፣ ባቢከር በጆሮዋ እየተረጎመላት፣ ቁጭ ብላ ጻፈች። ነገሩ ቀላል ነበር። ማህጁብ ዐዋጢፍ ቤት ሄዶ ይቅርታ ይጠይቃል፣ አጥሩን ይጠግናል፤ ዐዋጢፍም ፍየሏን ትመልሳለች። ዱዓ ተደረገ፣ ሁሉም ተበተነ። ሸዋሉል ወደ መኪናዋ ዞረችና በሙሉ ክብር እንዲህ መታች፦

«አቶ ማህጁብ እና ወይዘሮ ዐዋጢፍ ታርቀዋል። እርሳቸው ቤታቸው ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠይቀዋቸው፣ ፍየላቸው ያፈረሰችውን አጥራቸውን እንዲያጥሩላቸው፣ እርሳቸውም ፍየላቸውን እንዲመልሱላቸው ተስማምተዋል።»

አንብባ ደስ አላት። እንዴት ያለ ጨዋ ጽሑፍ! ለሁለቱም አንዳንድ ቅጂ ላከች።

በማግስቱ ማህጁብ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ጥምጣሙን አሳምሮ ቤቱ ደጃፍ ተቀመጠ። ዐዋጢፍም አዲሱን መጎናጸፊያ፣ ቶብዋን፣ ለብሳ በራሷ ቤት ደጃፍ ተቀመጠች። በመሃል ያለው የፈረሰ አጥር ብቻ ነው፤ ይተያያሉ። ሁለቱም ይቅርታ ጠያቂ ይጠብቃሉ፤ ማህጁብ የሽማግሌዎቹን ቃል ባይረሳም ወረቀቱ «እርሳቸው» ስላለ «እሷ ናት» ብሎ ተደብቆበታል። እኩለ ቀን ሆነ። ማህጁብ ላብ በላብ ሆነ። ዐዋጢፍ ለእንግዳዋ ያስቀመጠችውን ቴምር ራሷ ጨረሰችው። ፍየሏ የታሰረችበት ሆና አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ እያየች ትጮኻለች።

አመሻሹ ላይ ዓፊያ ሮጣ ጽሕፈት ቤቱ ገባች።

«አንተ ምን ጻፈ?» አለቻት እንባዋን እየጠረገች። «አባቴ ‹እሷ ትመጣለች፣ ወረቀት ይላል› ይላል። ዐዋጢፍ ‹እሱ ይመጣል፣ ወረቀት ይላል› ይላል። ዓርብ ቀረ!»

ሸዋሉል ቅጂውን አውጥታ አነበበችው። ከዚያ የዓፊያን ጆሮ ተውሳ እንደገና አነበበችው፤ የአባቷን ሐሳብ ይዛ ስታነብ አባቷ ልክ ነው፣ የዐዋጢፍን ይዛ ስታነብ ዐዋጢፍ ልክ ናት። «እርሳቸው» ወንድም ሴትም ይሆናል! አክብሮቷ ሁለቱን ሰዎች አንድ አድርጎ አጣብቋቸው ነበር። ፊቷ በርበሬ መሰለ። በሕይወቷ ያን ያህል አፍራ አታውቅም።

ሼህ አብዱልሐሚድ ዘንድ ሮጠች። «እባክዎ፣ የተስማሙትን እርስዎ ይንገሯቸው» አለች።

ሼሁ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዱዓ ካለቀ እኔ ነገር አይከፍትም። በእኛ ነውር ነው። ቃሉ አልተበላሸም፤ የተበላሸ ወረቀት ነው። አንተ ጻፈ፣ አንተ ያስተካክላል። እኔ ልክ ከሆነ አዎ እላለሁ።»

ሸዋሉል ጽሕፈት ቤቱ ተመልሳ፣ መብራቱ ሳይጠፋባት ከዓፊያ ጋር ተቀመጠች። በመጀመሪያ «እርሳቸው»ን ሁሉ አውጥታ በስም ተካች፦ «አቶ ማህጁብ የአቶ ማህጁብን እግር አንስተው ወደ ወይዘሮ ዐዋጢፍ ቤት ሄደው፣ አቶ ማህጁብ ወይዘሮ ዐዋጢፍን...» ለዓፊያ አነበበችላት።

«ስንት ማህጁብ ነው?» አለች ዓፊያ ግራ ገብቷት። «የማነው እግሩ?»

ቀደደችው። ከዚያ አንድ ዘዴ መጣላት። ዓረፍተ ነገሩን ሰባብራ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ እያነበበች ዓፊያን «ማን? የማን?» እንድትጠይቃት አደረገች። ዓፊያ መልሱን ወዲያው ካወቀች ቃሉ ይቀራል፤ ካመነታች ስም ይገባል። «ፍየላቸው» ስትል ዓፊያ አመነታች፤ «የአቶ ማህጁብ ፍየል» ሆነ። «ያሰሯት» ስትል ግን ከፊቱ ወይዘሮ ዐዋጢፍ ብቻ ስላለች ዓፊያ አላመነታችም፤ እንዳለ ቀረ። ስምን ደጋግሞ መጥራት ለሸዋሉል ስድብ ነበር፤ ቢሆንም መታችው።

በማግስቱ ጠዋት ሼሁ፣ ማህጁብና ዐዋጢፍ በፈረሰው አጥር ላይ ተሰበሰቡ። ሁለቱም ያንኑ ልብሳቸውን ለብሰዋል፤ የማህጁብ ግን ተጨማድዷል። ሸዋሉል ጉሮሮዋን ጠርጋ አነበበች፦

«አቶ ማህጁብ ወደ ወይዘሮ ዐዋጢፍ ቤት ሄደው ይቅርታ ይጠይቃሉ። የአቶ ማህጁብ ፍየል ያፈረሰችውን የወይዘሮ ዐዋጢፍን አጥር አቶ ማህጁብ ያጥራሉ። ከዚያም ወይዘሮ ዐዋጢፍ ያሰሯትን ፍየል ለአቶ ማህጁብ ይመልሳሉ።»

«አዎ» አሉ ሼሁ።

ባለፉት ቀናት ማህጁብም ዐዋጢፍም አንዱ የሌላውን ስም ጠርተው አያውቁም፤ «ያ»ና «ያቺ» ነበር የሚባባሉት። አሁን ስማቸው ከሥራቸው ጎን ተቀምጦ በሰው ፊት ሲነበብ መደበቂያ አጡ። ማህጁብ ወረቀቱን ሳይሆን ፍየሏን ሲያይ ቆየ።

«ፍየል የእኔ ነው» አለ በመጨረሻ። «ስድብም የእኔ ነው። ዐዋጢፍ፣ ዓፉ በል፣ ይቅር በል።»

«ያሰርኩት እኔ ነው» አለች ዐዋጢፍ። ሳቋን መያዝ አቅቷት ነበር። «አንተም ጀለቢያ ቀይር፣ እንዲህ ሆኖ አጥር አይሠራም።»

ማህጁብ ጀለቢያውን ቀይሮ፣ ቀርከሃ ሰንጥቆ እስከ ማታ አጠረ። ዐዋጢፍም ፍየሏን ፈታ ሰጠችው። ሸዋሉል ወደ ቤቷ ስታልፍ አጥሩን አየችው፤ ጠንካራ ነው፣ ግን መሃሉ ላይ ሰው የሚያሳልፍ ክፍት ቦታ ተትቷል። ዐዋጢፍ እዚያ ቆማ ትቆጣለች።

«ይሄ ምንድነው? ፍየልህ እንደገና ይገባል?»

«ፍየል አይደለም» አለ ማህጁብ፣ አቧራውን እያራገፈ። «ዓርብ ካለፈ በኋላ፣ ዓፊያ እኛ ቤት ሲመጣ ዞሮ በመንገድ እንዳይሄድ። በር ነው።»

ዐዋጢፍ ክፍተቱን አየችው። «ልጃችን» አለች ቀስ ብላ፣ «ልጃችን እዚህ ይገባል፣ ይወጣል።»

ሸዋሉል አፏን ከፈተች፤ የማን ልጅ፣ ወደየትኛው ቤት ብላ ልትጠይቅ። ሁለቱን ጎን ለጎን ቆመው ስታይ ግን ምንም ማስተካከል አልፈለገችም።