የሁለተኛው በሬ ዋጋ

አባታችን ያረፉ ዕለት ድንኳኑንና ወንበሩን ያመጣው፣ የቀብሩንም ወጪ የቻለው እድሩ ነው። እግዜር ይስጣቸው። እድር የማይችለው ተዝካሩን ነው። አርባው ሲደርስ ካህናቱን፣ ዘመዱን፣ ጎረቤቱን የሚያበላው ልጅ ነው። ልጆቹ ደግሞ ሦስት ነን፦ ታላቃችን አሜሪካ የጭነት መኪና ይነዳል፣ ታናሽ እህታችን ቤሩት ሰው ቤት ትሠራለች፣ እኔ እዚሁ ደብረ ታቦር አስተምራለሁ።

እኔ ያሰብኩት አንድ በሬ ነበር። ከጉና ሥር የመጡት አጎታችን ግን ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ "ሁለት ልጅ ውጭ አገር እያለ አንድ በሬ? ሰው ምን ይላል?" አሉኝ።

"ኑሮው ተወደደ እኮ፣ አጎቴ።"

"ለእኛ እንጂ ለእናንተ ምን ተወደደ? ዶላር እየመጣላችሁ!"

እየመጣላችሁ! የእኔ ደመወዝ ወር እንደማያደርስ ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ብቻ ምን ልዋሽ፣ ነገሩን ወደድኩት። የሁለት በሬ ተዝካር ያወጣ ልጅ መባል አማረኝ። ገሳይ ገበያ ሄጄ ሁለት በሬ ተዋዋልኩ፤ ጤፉን፣ የጠላ ገብሱን፣ ለካህናቱ የሚሆነውን ሁሉ ደማምሬ እሑድ ሦስታችን በስልክ ተገናኘን።

"ለሦስት እኩል እናድርገው፣ ማንም ማንንም እንዳይቀየም" አለ ታላቃችን።

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። "ጋሼ፣ የአስተማሪ ደመወዝ ታውቀዋለህ…"

"እሱስ እውነትህን ነው። አንተ አስታመሃል፣ ድካምህ ይበቃል። ውጭ ያለነው እኔና እሷ ለሁለት እንካፈለዋለን።"

ውጭ ያለነው! አሜሪካና ቤሩት እኩል ውጭ ሆኑና አረፉት። እህቴ ምን እንደምትቀበል የማውቀው እኔ ነኝ። ድርሻዋ የስድስት ወር ደመወዟ ነበር፤ የእሱ ሁለት ሳምንት ቢሠራ የሚሸፍነው ነው። ደግሞ የአባባን መድኃኒት በየወሩ ስትልክ የኖረችው እሷ ናት። ይህን ሁሉ በአንድ አረፍተ ነገር መናገር እችል ነበር። ብናገር "እና አንተስ?" እንዳይመጣ ፈራሁ። ሸክሙ ከእኔ ትከሻ ወርዷል፣ ዝም አልኩ።

"እሺ ጋሼ" አለች እህቴ።

ብሩ በሳምንቱ ከሁለቱም ደረሰ። ተዝካሩም አማረ፣ እድርተኛው ሁሉ ጠግቦ መረቀን። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው "አሜሪካና ቤሩት ያሉትን ልጆቻቸውን እግዜር ያክብርልን" ሲሉ አጎታችን ወደ እኔ ዞረው በኩራት ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። አሁን ሳስበው ያመኛል።

በማግሥቱ ለእህቴ ደወልኩ። ከሰባት ዓመት በኋላ ለፋሲካ ልትመጣ ነበር፣ ኮንትራቷ ያኔ ያልቃል። አባባ አልጋ ላይ ሆነው እንኳ "እሷን ሳላይማ አልሞትም" ይሉ ነበር። አላዩዋትም፣ ቢያንስ መቃብራቸውን ትሳለማለች ብዬ "ትኬቱን መቼ ትቆርጫለሽ?" አልኳት።

"ወንድምዓለም፣ ለፋሲካ እንኳ አልሆንም" አለች። "ያጠራቀምኩት ከአንዱ በሬ አላልፍ ቢለኝ፣ የጎደለውን ማዳሟ ናት ያበደረችኝ። ሌላ ዓመት ካልፈረምሽ አልሰጥም ብላ፣ ፈረምኩ።"

ስልኩን ዘግቼ ለታላቃችን ደወልኩ፤ ብድሯን ይዝጋላት፣ ከእኔም ደመወዝ በየወሩ የሚቆረጠው ይቆረጥ አልኩት። "እሺ አላለችም እንዴ? እኔም የቤት ዕዳ አለብኝ እኮ" አለ። ቀጥሎም ቀስ ብሎ፣ "ያን ቀን አንተስ ለምን አልተናገርክም?" አለኝ። ወይ ጉድ! የፈራሁት ጥያቄ ዞሮ ዞሮ መጣ፣ ያውም ከእሱ። ተሳደብኩ። ስልኩ እጄ ላይ ተዘጋ።

ማታውን እህቴ መልሳ ደወለች፣ የምታለቅስ መስሎኝ ፈርቼ አነሣሁት። የተዝካሩን ቪዲዮ ማዳሟ ስትተኛ ማድ ቤት ተቀምጣ አይታው ኖሯል። ደስ ብሏታል።

"ያ ሁሉ ሰው! ከጉና ሳይቀር መጥቷል አይደል?" አለችኝ። "እንኳንም ሁለት በሬ ሆነ፣ ወንድምዓለም። በአንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያሳፍረን ነበር።"

"አዎ" አልኳት።

በአንዱ በሬ ቢሆን፣ ወይ እኔ አንዲት ቃል ብተነፍስ፣ ለፋሲካ ቤቷ ነበረች።