ፈለቀች የጠረገቻቸው ዜሮዎች

ፈለቀች ድንበሩ ባንድ ገጽ ላይ ሁለት ዓይነት ቁጥር ካየች፣ የዚያን ቀን ከፊቷ ዞር ማለት ነው የሚያዋጣው። የምንሠራው አራት ኪሎ አካባቢ አንዲት ጠባብ ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው፤ እሷ ገጽ ታቀናብራለች፣ እኔ ማሽኑ ላይ ነኝ። የሠርግ ጥሪ ሊያሳትም የመጣ ሰው ቀኑን በግዕዝ፣ ሰዓቱን በፈረንጅ ቁጥር ጽፎ ከሰጣት፣ «ምነው፣ ሙሽራው ባንድ እግሩ ጫማ፣ ባንዱ ሸበጥ ነው እንዴ የሚያደርገው?» ትለዋለች። ሰውየው ይስቃል። እሷ አትስቅም።

ሥራዋ ግን ሥራ ነው። ይህን ማንም አይክዳትም። ከእጇ የወጣ ወረቀት ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ነው፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የጀመረችውን የመጨረሻው ገጽ ላይ ታገኘዋለህ። ይህንንም ታውቀዋለች፣ ማወቋንም ሰው እንዲያውቅላት ትፈልጋለች። ክፋት የለባትም፤ ኩራት ግን አለባት።

ሁለታችንም የቀበና ሰዎች ነን፣ የአንድ ዕድር አባላት። ያን ጊዜ የዕድራችን ጸሐፊ የነበሩት ጋሽ ሽመክት የመተዳደሪያ ደንቡን ለማሳተም ወደኛ ይዘውት መጡ። ጽሑፉ በየዘመኑ በየሰው እጅ የተጻፈ ስለሆነ መልኩ ዥንጉርጉር ነበር። የፊተኞቹ አንቀጾች በግዕዝ ቁጥር ተጽፈዋል። ከመካከል ጀምሮ የጋሽ ሽመክት የወንድም ልጅ ስለጻፈው ሁሉም በፈረንጅ ቁጥር ሆኗል፤ ይባስ ብሎ ንዑስ አንቀጾቹን 01፣ 02፣ 03 እያለ በዜሮ ነበር የሚያስጀምራቸው። «በአንቀጽ 14 መሠረት» የሚል ታነባለህ፤ አንቀጹን ፍለጋ ስትሄድ «፲፬» ተብሎ ተቀምጧል።

«የአንቀጹን ቁጥር በግዕዝ፣ ቀኑንና ብዛቱን በፈረንጅ አድርጊው» አልኳት። «ብዙ ሰው እንደዛ ነው የሚያደርገው። ብቻ አንዴ የያዝሽውን እስከ መጨረሻው አትልቀቂው።»

«ግማሽ ልጩ ግማሽ ጎፈሬ?» አለችኝ። «ተካልኝ፣ አንተ ቀለምህን ጨምር። የዕድር ደንብ ነው፣ ሁሉም በግዕዝ ይሆናል።»

ለእሁድ ጉባኤ መድረስ ነበረበት። ጋሽ ሽመክት በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፣ መብራቱ ሄድ መለስ ይላል። ፈለቀች ኮምፒውተሩን 1ን በ፩፣ 2ን በ፪፣ እያለች እስከ ዘጠኝ ድረስ ለውጥ ብላ አዘዘችው። ግዕዝ ግን እንደዚያ አይሠራም። አሥር የራሱ ምልክት አለው፣ ሃያም የራሱ፣ ሠላሳም የራሱ፤ ዜሮ የሚባል ነገር የለውም። እሷ ይህን ከኔ በላይ ታውቃለች። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ፩፬ ያደረገውን ፲፬ ብላ አስተካከለች፣ የአንቀጾቹን ርእስ አንድ በአንድ እየወረደች ፲ና ፳ የሚሆኑትን በእጇ አረመች፣ ሽፋኑ ላይ ያለውን ዓመተ ምሕረትም እንደ ወጉ ጻፈችው። ከዚያ በየንዑስ አንቀጹ ፊት የተንጠለጠሉት የልጁ ዜሮዎች ቀሩ። «እነዚህን ቆሻሻዎች» አለችና፣ ኮምፒውተሩ ዜሮ የሚባለውን ሁሉ ከጽሑፉ እንዲጠርግ አዘዘችው።

ጠረገው። 0፩ ጥሩ አድርጎ ፩ ሆነ። ችግሩ በጽሑፉ መሀል የነበረው 30 ነው፤ አስቀድሞ ፫0 ሆኖ ነበር፣ አሁን ዜሮው ሲነሳለት ፫ ሆኖ ቀረ። የተበላሸ ቁጥር ቢሆን ዓይን ይይዘው ነበር። ይኼኛው ግን ንጹሕ፣ ያማረ ፫ ነው።

መጽሐፉ ተወደደ። «እንደ ዳዊት ነው የሚያምረው» አሉ ሰዎች። ዓመት ሳይሞላ አዲስ ኮሚቴ ሲመረጥ ፈለቀችን አስገቧት። ጋሽ ሽመክት ጡረታቸውን ይዘው አዳማ ልጃቸው ዘንድ ገቡ፤ የድሮውን ደንብ በቃሉ የሚያውቅ ሰው ከኮሚቴው ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም ነገር መጽሐፉ ይገለጣል።

ክረምት ሲገባ የሰፈራችን ሰው ጋሽ በላቸው ነቀምት ልጃቸውን ሊጠይቁ እንደሄዱ እዚያው አረፉ፣ እዚያው ተቀበሩ። አብረዋቸው የነበሩት ባለቤታቸው እትዬ አጸደ ከቀብሩ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይተው ተመለሱ። በማግስቱ የዕድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ዘገየ፣ ፈለቀችና እኔ ቤታቸው ሄድን። እትዬ አጸደ ጥቁር ለብሰው ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር።

«ድንኳኑን ዛሬ ብታስተክሉልኝ» አሉ። «ሰው ገና አልሰማም። ነገ ይመጣል፣ ቤቴ ደግሞ እንደምታዩት ነው።»

ጋሽ ዘገየ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አጸድዬ፣ አዝነናል። ግን ደንቡ ጊዜ ቆርጧል መሰለኝ። ፈለቀች፣ እስቲ አንብቢው።»

ፈለቀች ቦርሳዋን ከፈተች። መጽሐፉ ከሷ አይለይም። «አባሉ ከከተማ ውጭ ያረፈ እንደሆነ ቤተሰቡ በ፫ ቀን ውስጥ ለዕድሩ ያሳውቃል፤ ካላሳወቀ ዕድሩ ድንኳንና ወንበር አያቀርብም።»

«ሦስት?» አሉ እትዬ አጸደ። «ሠላሳ ነበር እኮ። በላቸው እራሱ ያኔ ኮሚቴ ሆኖ ያወጡት ነው። ‹የሩቅ አገር ሐዘንተኛ ወር ይሰጠው› ብሎ ተሟግቶ።»

እኔ ትዝ አላለኝም። የዕድር ደንብ ማን ያነባል?

«እትዬ አጸደ» አለች ፈለቀች፣ ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ፣ ልክ ለልጅ እንደሚነገር። «ሐዘን ላይ ስለሆኑ ተምታቶብዎት ነው። ይኼን መጽሐፍ እኮ ያቀናበርኩት እኔ ነኝ። ከኔ በላይ ማን ያውቀዋል?»

እትዬ አጸደ አንድ ጊዜ አዩዋትና ወደ ቤት ገቡ።

ድንኳን አልተተከለም። የለቅሶው ሰው ያቺ አንዲት ክፍል አልበቃችው ብላ ግቢ ውስጥ ዝናብ ላይ ቆመ። ሽማግሌዎቹ ጃንጥላ ይዘው በየተራ እየገቡ እግዜር ያጽናሽ ብለው ወጡ፤ ቁጭ ብሎ የሚያስተዛዝን አልተገኘም። በሦስተኛው ቀን ቤቱ ባዶ ሆነ። ሰፈሩም ሆዱ ሻከረ፣ ግን ታትሟል፤ ከታተመ ነገር ጋር ማን ይከራከራል።

ከጥቂት ቀን በኋላ ጋሽ ሽመክት ለጠቅላላ ጉባኤው ከአዳማ መጥተው ማተሚያ ቤት ጎራ አሉ። ፈለቀች ሥራዋን እስክትጨርስ ወንበር ላይ ተቀምጠው የዕድሩን መጽሐፍ ያገላብጡ ነበር። ድንገት በሳቅ ፈረሱ።

«ፈለቀች፣ ምን ጉድ ነው? ‹ጉባኤው ፭ አባላት ሲገኙ ምልዓተ ጉባኤ ይሆናል› ይላል እኮ! እኔ፣ ሚስቴና ሦስቱ ልጆቼ ሆነን ዕድሩን ማፍረስ እንችላለን ማለት ነዋ!»

እኔም ሳቅሁ። «ስንት ነበር?» አልኳቸው።

«ሃምሳ ነዋ!»

ፈለቀች አልሳቀችም። እጇ ኪቦርዱ ላይ እንዳለ ቀረ። ሃምሳ ዜሮዋን ስታጣ አምስት እንደምትሆን ለሷ ማስረዳት አያስፈልግም። ጋሽ ሽመክት የሰጧትን የመጀመሪያውን ጽሑፍ ከኮምፒውተሩ ውስጥ ፈልጋ ከፈተች፤ ወደ ሃምሳው ግን አልሄደችም፣ በቀጥታ ከከተማ ውጭ ስላረፈ አባል የሚለው ዘንድ ወረደች። ከትከሻዋ በላይ አየሁት። «በ30 ቀን ውስጥ» ይላል።

ፊቷ አመድ መሰለ። ጋሽ ሽመክት የሆነውን ስለማያውቁ «አይዞሽ፣ በሁለተኛው እትም ታስተካክይዋለሽ» አሏት። ይሄኔ ተነስታ ማሽኑ ጀርባ ሄዳ ቆመች። ስከተላት፣ «ተካልኝ፣ አትየኝ» አለችኝ። ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንሠራ አንድም ቀን አትየኝ ብላኝ አታውቅም። በእውነት ለመናገር፣ አንጀቴን በላችው፤ ተናደድኩባትም። እኔ ቁጥሩ ገጽ ላይ እንዴት እንደሚታይ ስትጨነቅ ነው የማውቃት፤ ቁጥሩ የሚቆጥረው ነገር ምን እንደሆነ ግን ጠይቃ አታውቅም።

ማታውን ጋሽ ዘገየ ዘንድ ሄደን የሆነውን ነገርናቸው። እሳቸው ግንባራቸውን አሹና፣ «እንግዲህ ምን ይደረጋል፤ ኮምፒውተሩ ነው በይ። ሰው ይቀበለዋል። ድንኳኑንም ውሰዱላት፣ ቢዘገይም» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ድንኳኑን ተሸክመን እትዬ አጸደ ቤት ሄድን። እኔ ቋሚዎቹን በትከሻዬ፣ ፈለቀች ሸራውን አቅፋ። ሸራው ከባድ ነው፣ እምቢ ብላ ነው ለብቻዋ የያዘችው። እትዬ አጸደ በር ላይ ተቀምጠው፣ ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው ምስር ይለቅማሉ።

«እትዬ አጸደ» አለች፣ «ኮምፒውተሩ…» ብላ ቆመች። ዓይኗ መሬት ላይ ነው። «ኮምፒውተሩ አይደለም። እኔ ነኝ። ሠላሳ ነበር። ሁሉም ቁጥር አንድ ዓይነት ይሁን ብዬ ስቀይር ዜሮውን አጠፋሁት። መልሼም አላየሁት። እርስዎ ልክ ነበሩ።»

እትዬ አጸደ ምስሩን መልቀማቸውን አልተዉም።

«ጉባኤው ላይ ቆሜ እናገራለሁ። ድንኳኑንም ይኸው…»

«ለማን ልትተክይው ነው?» አሉ እትዬ አጸደ። «የሚመጣው ሰው መጥቶ ሄደ።»

ሸራው ከፈለቀች እቅፍ እየተንሸራተተ ነበር፣ እኔ ያዝኩላት።

«ቁጥር ይሳሳታል፣ ልጄ» አሉ እትዬ አጸደ። «እኔም ለገበያ ስወጣ ስንት ጊዜ እሳሳታለሁ። በቁጥሩ አልተቀየምኩሽም። እኔን ግን፣ ባሌ አፉን ሞልቶ የተሟገተበትን ነገር፣ ገና እንባዬ ሳይደርቅ፣ ተምታቶብሽ ነው አልሽኝ። ያቺን ቃል ምን አድርገሽ ትመልሻታለሽ?»

ፈለቀች ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል እትዬ አጸደ እግራቸውን ሰበሰቡ፤ በቁጣ አይደለም፣ ሰፌዱ እንዳይደፋባቸው ይመስላል። «በሉ፣ ዝናብ ሳይመጣ ግቡ» አሉን።

ድንኳኑን ተሸክመን ተመለስን።