ከገመዱ ወዲያ የቆሙ ቋሚዎች

አጥሩን እንደገና ለማሠራት የወሰንኩት ጥቅምት ሲጋመስ ነው። ሱሉልታ ከሚገኘው ቤቴ በስተግራ የነበረው የጭራሮ አጥር ክረምቱን አልቻለውም። ሥሩ በስብሶ ነሐሴ ላይ ተኛ። ከዚያ ወዲህ የኔ ግቢና የጎረቤቴ ግቢ አንድ ሜዳ ሆኑ።

ጎረቤቴ ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው ሴት ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ እማማ ይላቸዋል። ባላቸው ካረፉ በኋላ መሬታቸውን የእኩል ያሳርሳሉ። ሁለት ላሞችና አንድ አህያ አሏቸው። በረታቸው የተሠራው በወሰናችን ጥግ ነው። በበረቱ ግድግዳና በወሰኑ መካከል አንድ ጠባብ መተላለፊያ አለ። ከመንገድ ወደ ጓሯቸው የሚያስገባቸው ሌላ መንገድ የላቸውም፤ በሌላው ወገን ቦይ አለ። እህሉም፣ ጭዱም፣ ከወፍጮ የሚመለሰው ዱቄትም በዚያች መተላለፊያ በአህያ ጀርባ ይገባል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሄጄ አነጋገርኳቸው።

«በምን ልታጥረው ነው?» አሉኝ።

«በእንጨት።»

«እንጨት ከሆነ መልካም። ድንጋዮቹን አትንካ እንጂ።»

ድንጋዮቹ የወሰን ድንጋዮች ናቸው። አንዱ መንገድ ዳር፣ ሌላው በጓሮ በኩል ተቀብሯል። በባላቸው ዘመን ሽማግሌዎች ቆመው ያስቀበሯቸው ናቸው። እንደማልነካቸው ነግሬ ተመለስኩ። ቋሚዎቹ በኮንክሪት እንደሚተከሉ ግን አላነሳሁም። ልደብቅ ብዬ አይደለም፤ አልመጣልኝም። በሥራዬ ስንት ጊዜ የመሬት ክርክር ዘግቤአለሁ፤ አንዱ ወገን ያልተጠየቀውን ጥያቄ ሁልጊዜ እፈልግ ነበር። የራሴ አጥር ላይ ግን አንድ ጥያቄ ተጠይቄ አንድ መልስ መልሼ ጨረስኩ።

አናጢው ከተጂ ከተማ በኩል የመጡ፣ ብዙ አጥር የሠሩ ሰው ናቸው። ስማቸውን የሚጠራ ስላልነበረ እኔም እንደ ሌላው ሰው ኦቦ፣ በኦሮምኛ አቶ እንደማለት፣ እላቸው ነበር። እሳቸው ደግሞ ጋዜጠኛው ይሉኛል። የመጀመሪያውን ቀን የባህር ዛፍ ቋሚዎቹን ሲመርጡ ዋሉ። እርጥቡን ገፍተው ደረቁን ወሰዱ። መሬት የሚገባውን ጫፍ በእሳት ጠብሰው የተቃጠለ ዘይት ቀቡት፤ ምስጥ እንዳይበላው ነው። ርዝመታቸውን ግን አላስተካከሉም።

«አንድ ልክ አድርገን አንቆርጣቸውም?» አልኩ።

«መሬቱ ወደ መንገድ ያዘነብላል። አንድ ልክ አድርገህ ከቆረጥክ፣ አናቱን ለማስተካከል ስትል እዚህ ጉድጓዱን ታሳጥራለህ። ያጠረ ጉድጓድ ደግሞ ንፋስ ይጥለዋል። ጉድጓዱ አንድ ይሁን፣ አናቱ መጨረሻ ይቆረጣል።»

ይህን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት።

በማግስቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀመርን። ኦቦ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ሲባጎ ወጠሩ። በየሁለት ሜትሩ ምልክት አድርገው በዲጂኖ ቆፈሩ። የሱሉልታ መሬት መረሬ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጉድጓዱን ሰባ ሳንቲሜትር አወረዱት፣ ከላይ ይልቅ ከታች ሰፋ አደረጉት። እኔ ሥራዬ ማቡካት ነበር፤ አንድ ሣጥን ሲሚንቶ፣ ሁለት ሣጥን አሸዋ፣ ሦስት ሣጥን ጠጠር።

«ውሃውን ቀንስ። ሾርባ አይደለም» ይሉኛል።

እኔ እቀንሳለሁ።

«አሁን ደግሞ ቆሎ አደረግኸው።»

ጉድጓዱ ሥር መጀመሪያ ጠጠር ብቻ ይገባል፤ ውሃ እንዳይቋጥር። ቋሚው እሱ ላይ ይቆማል፣ ኮንክሪቱ በዙሪያው ይፈስሳል፣ አየሩ እንዲወጣ በዘንግ ይወጋል። ከዚያ ኦቦ ቱምቢያቸውን በሁለት ወገን ጥለው የቋሚውን ቀጥታነት ያዩና በኔ ግቢ በኩል በሁለት ድጋፍ ያስሩታል። ኮንክሪቱን ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርገው ከእንጨቱ ወደ ውጭ አዘቅዝቀው ይለስኑታል። ቀድመው ሁለቱን የዳር ቋሚዎች ተከሉ። ከዚያ ወደ መሐል ገቡ። አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን አራት ቋሚ ቆሞ ነበር። ከመንገዱ ዳር ዓይኔን አስጠግቼ ሳይ አራቱ እንደ አንድ ሆነው ተጋረዱ። ደስ አለኝ። ዓይኔ መስመሩ ላይ ነበር፤ መስመሩ የት እንዳለ አላየሁም።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል እማማ ከወፍጮ ተመለሱ። አህያዋ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ኬሻ ዱቄት ተጭናለች። እንደ ልማዷ ሳትነዳ ወደ መተላለፊያው ገባች። በመንገዱ ዳር ካለው ቋሚ አጠገብ ስትደርስ ቆመች። አንዱ ኬሻ በረቱ ግድግዳ ላይ፣ ሌላው ቋሚው ላይ ተጣብቋል። እማማ ከኋላ «ሂጅ!» ብለው መታ ሲያደርጓት ገፋች። ድጋፉ ተንቋቋ፣ ቋሚው ወደ እኔ ግቢ ዘመም አለ።

ኦቦ ዘለው አህያዋን አፍንጫዋን ይዘው ወደ ኋላ ገፏት።

«አከም ኦልተኒ» አሉ፣ እንዴት ዋሉ ለማለት።

እማማ ሰላምታውን አልመለሱም። ጎንበስ ብለው የቋሚውን ሥር አዩ። በጣታቸው ኮንክሪቱን ነኩት።

«እንጨት አላልከኝም ነበር?»

«እንጨት ነው እኮ፣ እማማ።»

«ይሄስ? ይሄም እንጨት ነው?»

እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁት። እማማ ቀጠሉ።

«እንጨት ከሆነ ዛሬ ባንስማማ ነገ ይነቀላል። ይሄ እኔ ከሞትኩ በኋላም እዚሁ ነው። ልጆቼ መጥተው ወሰኑ የቱ ነው ሲሉ ማን ይመሰክራል? ይሄ ይመሰክራል!»

«ከድንጋዩ ወደ ድንጋዩ ነው የወጠርነው። ገመዱን ይዩት፣ ልክ ድንጋዩ ላይ ነው» አልኩ።

«ገመዱን አየሁት። እንጨቱ የት ነው?»

ያን ጊዜ አየሁ። ሲባጎው ድንጋዮቹ ላይ ነበር፤ አራቱም ቋሚዎች ግን ከሲባጎው ወዲያ፣ በእሳቸው ወገን ቆመዋል። ሜትር አወጣሁ። የቋሚው ውፍረት አሥራ ሁለት ሳንቲሜትር ነው። የኮንክሪቱ ጠርዝ ደግሞ ከገመዱ አንድ ስንዝር ያህል አልፎ ገብቷል። መተላለፊያው ከገመዱ እስከ በረቱ አንድ ሜትር ከሃያ ነበር፤ የቀረው አንድ ሜትር ከስምንት ሳንቲሜትር ነው። የተጫነችው አህያ የምትፈልገውን ስፋት ደግሞ አህያዋ ራሷ ነግራናለች።

ወደ ኦቦ ዞርኩ።

«ለምን በዚያ ወገን ተከሏቸው?»

«ማገር የት ነው የሚመታው?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«በባለቤቱ ወገን ነዋ! በውጭ ከመታኸው ለሌባ መሰላል ሠራህለት። ገመዱ የማገሩ ፊት ነው፤ ቋሚ ከማገሩ ኋላ ይቆማል። እኔ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምሠራው።»

«ሁልጊዜ ገመዱ ወሰን ላይ ነው?»

ኦቦ ሲባጎውን አዩ። «ሁልጊዜ ባለቤቱ ከወሰኑ ገባ አድርጎ ያስወጥረኛል። አንተ ድንጋዩ ላይ አልከኝ።»

እውነታቸውን ነበር። ሲባጎውን ድንጋዩ ላይ እንዲያስሩ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ልክ የመሆኑ ማስረጃ አድርጌ ነበር የቆጠርኩት።

እማማና ኦቦ በኦሮምኛ ተነጋገሩ። ፈጣን ስለነበር ግማሹ አመለጠኝ። ኦቦ «ለኪ፣ ለኪ» ሲሉ ሰማሁ፤ አይደለም፣ አይደለም ማለት ነው። በመጨረሻ እማማ ወደኔ ዞረው በአማርኛ ተናገሩ።

«በስህተት ነው ይለኛል። እሺ፣ በስህተት ነው። ስህተቱ ሲደርቅስ?»

ነገሩን የሚቆርጥ ጥያቄ ነበር። ኦቦ ቋሚዎቹን በየተራ እየነቀነቁ ሄዱና ተመለሱ።

«የመሐሎቹ ሁለቱ ገና ጭቃ ናቸው፣ ይወጣሉ። ይሄ በመንገዱ ዳር ያለው ይዞ ነበር፣ አህያዋ ነቀነቀችው። ኮንክሪት ሊይዝ ሲል ከተነቃነቀ አይታመንም፤ ለማንኛውም ይወጣል። የጓሮው ግን ይዟል። እሱን ማውጣት መስበር ነው።»

የጓሮው ቋሚ ከበረቱ ጫፍ አልፎ ነው የቆመው፤ እዚያ ጋ አህያ የሚያጣብቅ ግድግዳ የለም። ሦስቱን አውጥተን እሱን መተው ይቻል እንደነበር አሰብኩ። ኦቦም ይህን ያሰቡ ይመስለኛል፤ ዲጂኖውን አላነሱም። እማማ ግን መተላለፊያውን ትተው ወደዚያ ቋሚ ያዩ ነበር። የወሰኑ ድንጋይ ያለው በእሱ ሥር ነው፤ ሽማግሌዎቹ ያስቀበሩትን ድንጋይ የኮንክሪቱ ጠርዝ ግማሹን ሸፍኖታል። አትንካ ያሉኝ ድንጋይ ነው።

«አራቱም ይውጡ» አልኩ።

«ሲሚንቶህ ነው» አሉ ኦቦ።

 ሁለቱን የዱቄት ኬሻዎች እዚያው አውርደን እኔና ኦቦ እየተሸከምን ለእማማ ጓሮ አደረስንላቸው። ኬሻው ከኔ ጉልበት ይከብዳል። እማማ ከኋላዬ ሲስቁ ሰማሁ። «ወረቀት ይሸከማል እንጂ ይሄ ምን ዱቄት ይችላል!»

ከሰዓት በኋላ የሠራነው ጠዋት የሠራነውን ማፍረስ ነበር። ሁለቱ የመሐል ቋሚዎች በቀላሉ ወጡ፤ ኮንክሪቱን በአካፋ ዝቀን ጣልነው። የመንገዱ ዳሩ ተሰነጣጥቆ ወጣ። የጓሮው እስከ አሥር ሰዓት ፈጀ። ድንጋዩ እንዳይነቃነቅ ኦቦ በዚያ በኩል ስብርባሪውን በእጃቸው ነበር የሚያነሱት። እማማ በርጩማ አምጥተው ድንጋዩ አጠገብ ተቀመጡ፤ እስኪወጣ ድረስ አልተነሱም። ባዶ የቀሩትን ጉድጓዶች በእሳቸው ወገን ባለው አፈር ሞልተን ደለደልን።

በማግስቱ አዲሶቹን ጉድጓዶች ከሲባጎው ወዲህ ቆፈርን። ኮንክሪቱም ወሰኑን እንዳያልፍ አስቀድመን ሲባጎውን አንድ ስንዝር ወደ እኔ አስገባነው። እማማ ከመጀመሪያው ቋሚ ጀምሮ ቆመው አዩ። ሦስተኛው ላይ ኦቦ ቱምቢውን ሲጥሉ «ወደኔ ትንሽ አዘመመ» አሉ። ኦቦ ቱምቢውን አሳዩዋቸው፤ ቀጥ ያለ ነው። «የኔ ዓይን ነው እንግዲህ» ብለው እማማ ገቡ።

ማገሩን ለመምታት ኦቦ አንድ ሳምንት ጠብቅ አሉኝ። በዚያ ሳምንት ኮንክሪቱ ጠዋትና ማታ ውሃ መጠጣት አለበት። ሁለት ቀን አጠጣሁ። በሦስተኛው ቀን ለሥራ ቡራዩ ሄጄ አመሸሁና እዚያው አደርኩ። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ስመለስ ደርቆ ይሆናል ብዬ ነበር። ግን የሁሉም ቋሚዎች ሥር እርጥብ ነው፤ አንዳንዱ ላይ እርጥብ ኬሻ ተጥሎበታል። እማማ በበረቱ በር ላሟን እያሰሩ ነበር።

«እርስዎ ነዎት ያጠጡት?»

«አናጢህ ኮንክሪቱ ካልጠጣ ይሰነጠቃል አለኝ። ተሰንጥቆ አህያዬ ላይ ይውደቅ?»

ያጠጡበትን ባልዲ ከእሳቸው ተቀብዬ የማታውን እኔ አጠጣሁ።