ስሞቹን ያቀናሁት እኔ ነኝ

መጽሐፉ ውስጥ ያሉትን የባዕድ ስሞች ለአማርኛ አንባቢ አፍ እንዲመቹ ያደረግሁት እኔ ነኝ። መግቢያው ላይ የተመሰገነው ሌላ ሰው ነው፤ ያው ሰው ስሞቹን መልሶ አበላሽቷቸዋል። በደሉ ይኸው ነው።

የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበርኩ። ከዳባት ማዶ ከደጋው ወርጄ ጎንደር ስገባ ፊደል አልለይም። በሠላሳ አራት ዓመቴ ከማታ ተማሪዎች ኋላ ተቀምጬ ለየሁ። ያኔ ቁስቋም ሰፈር ሩሲያ የተማሩ አንድ ጡረተኛ መምህር ነበሩ። ከዚያው ያመጡትን ወፍራም ልቦለድ ወደ አማርኛ ሲመልሱ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። አንድ ቀን በር ላይ ጋዜጣ ጮክ ብዬ ሳነብ ሰሙኝና ጠሩኝ።

"የተማረ ሰው ስም ሲያቅተው በዓይኑ ዘሎት ይሄዳል" አሉኝ። "አንተ ገና መዝለል አልለመድህም። ለዚህ ነው የምፈልግህ።"

ስድብ ይሁን ምስጋና አልለየሁም። ሄድኩ።

አሠራራችን እንዲህ ነበር። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ይሰማሉ። አጠገባቸው ባዶ ቆርቆሮ፣ እጃቸው ላይ ጥሬ ሽምብራ። ስም ላይ በተደናቀፍኩ ቁጥር አንድ ሽምብራ ቆርቆሮው ውስጥ ይጥላሉ። አንድ ስም ሦስት ሽምብራ ካስጣለ ይቀየራል።

የታሪኩ ሽማግሌ ባላባት ቭሴቮሎድ ዝድራቭትሶቭ ይባል ነበር። በመጀመሪያው ገጽ ብቻ ሦስቱን ሽምብራ አስጣለ።

"መምህር፣ ይህን ስም ያወጣችለት እናቱ ትጠላው ነበር እንዴ?"

ሳቁ። "ሳድስ ፊደል ሲደረደር ምላስ የሚያርፍበት ያጣል" አሉና እየለዋወጡ አስነበቡኝ። ሴቮሎ ደራቮስ ላይ ስንደርስ ሳልቆም አለፍኩ። ደግሞ ያው ሰው አንዱ ገጽ ላይ በአባቱ ስም፣ ሌላው ላይ በቁልምጫ ይጠራል።

"እስካሁን ስንት ወንድ ቆጠርህ?"

"ሦስት።"

"አንድ ነው።"

ከዚያ ወዲያ ለአንድ ሰው አንድ ስም ሆነ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። እኔማ የአገራችንን ስም እንስጠው ብዬ ነበር። እምቢ አሉ። "እንግዳ ነው፣ እንግዳ ይምሰል። በሩ ብቻ አይጥበበው።"

ሁለት ክረምት እንዲህ ሠራን። ስንጨርስ "መግቢያው ላይ አንተን አመሰግናለሁ" አሉኝ። ለሚስቴ ነገርኳት። ማንበብ አትችልም። "መጽሐፉ ሲመጣ አንብብልኝ፤ አንተ ያለህበትን ደግሞ በጣትህ አሳየኝ" አለች።

የማተሚያ ቤቱን ረቂቅ ያረመው አንድ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ነው፤ የእሳቸው ዓይን አልቻለም። መጽሐፉ ሲወጣ መምህር አልጋ ይዘው ነበር። አጠገባቸው ተቀምጬ ጀመርኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ ቆምኩ።

"ምነው ቆምህ?"

"ስሙ አላስኬድ አለኝ።"

"የቀየርነውን አንብብ እንጂ።"

"እሱ የለም፣ መምህር።"

መግቢያውን እንዳነብላቸው ጠየቁ። ምስጋናው ላይ ያለው ያ አስተማሪ ነው። ስለ እኔ አንዲት ቃል የለም።

አስጠሩት። መጣ። ከአልጋው እግርጌ ቆሞ "የምንጩን ቋንቋ ማክበር አለብን፤ አንባቢ ይለምደዋል" አለ። ወደ እኔም ዞሮ "አያ፣ በሩን ማን እየጠበቀው ነው?" አለኝ።

መልስ ልሰጠው ስል መምህር እጃቸውን አነሱ። "እስቲ አንተ አንብብልኝ" አሉት። "ሽምብራውን አቀብለኝ" አሉኝ።

አነበበ። ድምፁ ሸጋ ነው። ስሙ ጋ ሲደርስ "ሽማግሌው" ብሎ አለፈው። ሽምብራ ጠብ አለ። ቀጥሎም "እሱም" አለ። ሌላ ሽምብራ። ሦስተኛው ላይ ራሱ ቆመ።

"ያረምኸውን ራስህ ዘለልኸው" አሉት መምህር።

ፊቱ ጠቆረ። ለሁለተኛው እትም ስሞቹ ይመለሳሉ፣ ምስጋናውም ይታረማል ብሎ ሄደ። መምህር እየተናገሩ እኔ ለአሳታሚው ደብዳቤ ጻፍኩ። ጣታቸውን ይዤ መፈረሚያው ላይ አኖርኩላቸው።

ሚስቴ በየሳምንቱ "መጣ?" ትለኛለች። "ይመጣል" እላታለሁ። መጽሐፉ ቤት አለ፤ መምጣቱን አልነገርኳትም፣ አላነበብኩላትምም። በዚያ ስም አላነብላትም ብዬ ነው። አሁን ሳስበው ይህኛው ጥፋት የራሴ ነው።

መምህር ከየካቲት አላለፉም። ከቀብራቸው በኋላ የአሳታሚው መልስ በስማቸው መጣ፤ ባለቤታቸው እኔ እንዳነብላቸው ሰጡኝ። መጽሐፉ ስላልተሸጠ ሁለተኛ እትም አይኖርም፤ የተረፈው ለመጠቅለያ ወረቀት ተሰጥቷል ይላል። ደብዳቤው ላይ ያለው ቀን መጋቢት 9 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው።